እጅ በእጅ ዱቤ የጠየቀች ጊዜ

ገበያው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም የሚጠራት «እጅ በእጅ» እያለ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች። እኔም ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ በመሃላችን ያለችው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ መተላለፊያ ብቻ ናት። ዕቃ የምናመጣውም ከአንድ የከተማ ጅምላ ነጋዴ ነው። እሷ ግን ቆጥራ ከፍላ ታስጭናለች፣ እኔ አስጭኜ እከፍላለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ ሲመቸኝ ነው የምከፍለው። ከኋላዬ «ነገ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉኛ! ምን ያመጣሉ?

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ፊት ለፊት ተፋጠን ኖርን። በአሥራ ሁለተኛው ባሏ ታመመ። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ዳነ፤ ለደብተር ያስቀመጠችው ብር ግን ሆስፒታል ገብቶ ቀረ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ወር ሲቀረው መደርደሪያዋ ላይ ያለው አንድ ካርቶን መቅረጫና አቧራ ብቻ ነበር። የእኛ ንግድ ደግሞ የአንድ ሰሞን ንግድ ነው። ያ ሰሞን ካመለጠ የዓመቱ የሱቅ ኪራይ ከየትም አይመጣም፤ ሱቁን አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ደግሞ ሞልቷል።

ጅምላ ነጋዴው ጋ ደወለች። «ዱቤ በስልክ አይወራም፤ ጽፈሽ ላኪ» ብሎ ዘጋባት።

እኔ ጋ መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ነጠላ ጫማዋ ባንድ በኩል ተበጥሶ በሽቦ ታስሯል።

«እንዴት ነው የሚጻፈው? አንቺ ታውቂበታለሽ» አለችኝ።

ስድብ ይሁን ሙገሳ አልገባኝም። «የባልሽን ነገር እንዳታነሺ» አልኳት። «ገበያው ደርቷል፣ ዕቃ አልበቃኝም በይ። ሰውዬው ችግር ከሸተተው ኪሱን ነው የሚቆልፈው።»

«ውሸት ጽፌ ደግሞ ውሸቴን ሳስታውስ ልኑር? ደክሞኛል እኮ፣ እህቴ» አለች። የራሷን ጻፈች፦

«ለጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በየዓመቱ ከእርስዎ መጋዘን ደብተር እየገዛሁ ነው የኖርኩት። ዱቤ ጠይቄ አላውቅም። ዘንድሮ ባለቤቴ ታሞ መነገጃዬን ለሕክምና አወጣሁት። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አርባ ደርዘን፣ ባለ ሰላሳ ሁለት ሉክ ሃያ ደርዘን፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ አሥር ፓኬት እንዲልኩልኝ እለምናለሁ። የዋጋውን ሩብ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። የቀረውን ትምህርት ቤት በተከፈተ በመጀመሪያው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው የገበያ ቀን ማግስት እኩል እኩል አድርጌ እከፍላለሁ። ከዚያ ቀድሜ እከፍላለሁ ብል እዋሻለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር አጥፊያት ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። ደብዳቤውንና ብሩን ፖስታ ውስጥ አድርጋ ዕቃ ለሚያመጣልን የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠችው።

በአምስተኛው ቀን ፖስታው ከነብሩ ተመለሰ። ሰውዬው የጻፈው በራሷ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ነው፦

«መዝገቤን ባገላብጥ ስምሽን አላገኘሁትም። እጅ በእጅ የሚገዛ ሰው ደረሰኙ ላይ ስሙ አይጻፍም፤ ሠራተኞቼም ይቀያየራሉ። የቆየ ደረሰኝ ካለሽ ላኪ። ከሌለሽ ከዱቤ ደንበኞቼ አንዱ ዋስ ይሁንሽና ይፈርም። በእናንተ ከተማ ያለችኝ አንዲት ናት።»

ያቺ አንዲት እኔ ነኝ።

ደረሰኝ ብሎ ነገር አልነበራትም። «ከፍዬ የወጣሁበትን ወረቀት ምን ላድርገው ብዬ ላስቀምጠው?» አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እስክሪብቶ ጠቅልላበት ጨርሳዋለች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ዘንድሮ እንኳ ሁለት ጊዜ «ዕዳሽን አስቢበት» የተባልኩት እኔ የታመንኩ ሆኜ፣ አንዲት ሳንቲም አጉድላ የማታውቀው እሷ ዋስ አምጪ ትባል? ይኼ ነው እንግዲህ የነጋዴ መዝገብ!

ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ግን አያስቅም። ካልፈረምኩ ሰሞኑ የእኔ ብቻ ነው። የእሷ ደንበኞች መተላለፊያዋን ተሻግረው እኔ ጋ ይመጣሉ። ከፈረምኩ ደግሞ፣ እሷ ካልቻለች ዕዳው በእኔ ላይ ነው፤ የራሴ መቼ አነሰኝ?

«እስቲ ልየው፤ ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«ነገ» ያልኳት አራት ቀን ሆነው። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ብትጨቀጭቀኝ ተቆጥቼ በተገላገልኩ ነበር። ጠዋት ትመጣለች፣ ባዶውን መደርደሪያ ትወለውላለች፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትላለች። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ደብተር ብትጠይቃት በእጇ ወደ እኔ ጠቆመቻት። ሸጥኩላት። ብሩን ስቀበል ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ባሏ በዱላ እየተደገፈ መጣ። ከስቶ ሸሚዙ ሰፍቶታል። እሷ ውኃ ልታመጣ ሄዳ ነበርና ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«እግዜር ይስጥልን» አለኝ። «ፈረመችልኝ ብላ ነገረችኝ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ በእኔ የተነሳ ሱቁን ልታጣ ነው እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ነው የተኛሁት።»

ውሸት ጽፌ አልኖርም ያለችው ሴትዮ ባሏን ለማስተኛት ዋሽታለች፤ ያውም በእኔ! «ምንም አይደል» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ውኃዋን ይዛ ስትመለስ ገና ሳትቀመጥ፣ «አምጪው ወረቀቱን!» ብዬ ጮህኩባት። «ምን ታፈጫለሽ? አምጪው!» ከእጇ ነጥቄ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጥፋ ከብሩ ጋር ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው የእኔም የእሷም ዕቃ በአንድ መኪና መጣ። ደብተሩን ቆጥራ ተረከበች። ዋጋው በደርዘን ጨመር ብሏል፤ ዱቤ እንዲያ ነው። የመላኪያ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ተጽፏል። ፊደሉን በጣቷ ተከትላ አነበበችውና የደብተሩ እስር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ዓመት ስከፍለው አላወቀኝም። ዛሬ ዕዳ ስገባ አወቀኝ» አለች። አልቅሳ ቢሆን ይሻል ነበር። ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ደብተሩን እኔ ነኝ መደርደሪያው ላይ የደረደርኩላት።

ሸጠች። እኔም ሸጥኩ፤ ከአምናው አነሰ እንጂ። በሦስቱም የገበያ ቀን ማግስት ብሯን ቋጥራ ለሾፌሩ ሰጠች፤ ደረሰኙንም አሁን በፌስታል አድርጋ ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ የራሴን የመጀመሪያውን ከፍዬ ሁለቱን አሳደርኩ። ልማዴ ነው።

ለሁለተኛው መንፈቅ ዕቃ ላክልኝ ብዬ ስጽፍ መልሱ በራሴ ደብዳቤ ጀርባ ላይ መጣ፦ «ያለፈው ሳይዘጋ አዲስ የለም። ካልሆነም ዋስ አምጪ። ፊት ለፊትሽ ያለችው ብትፈርም እቀበላለሁ።»

ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። በሦስተኛው መተላለፊያዋን ተሻገርኩና ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አላነበበችውም። ከሸቀጧ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ መዘዘችና፣

«የት ጋ ነው የምፈርመው?» አለችኝ።

ምናለ እሷም አንድ ቀን እንኳ «ነገ» ብትለኝ ኖሮ!