የደራራ ጆሮ

ደራራን የጠላሁት ገና በመጣበት ቀን፣ ጆሮውን ሸፍኖ ወደ ወፍጮው አዳራሽ ሲገባ ነው። ሮቤ ከተማ ዳር ባለ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስምንት ወፍጮ ባንድነት ሲዞር፣ አጠገብህ የቆመውን ሰው ለማነጋገር አፍህን ጆሮው ላይ ለጥፈህ መጮኽ አለብህ። እኛ ለምደነው ነበር። እንዲያውም እንኮራበት ነበር። ጩኸት የሚፈራ ሱቅ ይክፈት እንል ነበር።

የጆሮ መሸፈኛ አልተሰጠንም እንዳትሉኝ። ተሰጥቶናል። በፕላስቲክ ቅስት የተያያዙ ሁለት ወፍራም ክብ ነገሮች ናቸው፤ ጆሮን ሙሉ ለሙሉ ይከድናሉ። የኔ አንገቴ ላይ ይውላል። አለቃ ሲመጣ አደርገዋለሁ፣ ሲሄድ አወርደዋለሁ። ምክንያት ነበረኝ። ወፍጮ የሚታወቀው በጆሮ ነዋ! ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት የብረት ቀለበት፣ ቅባት ሲያጥረው ከመቃጠሉ በፊት ያፏጫል፤ ያንን ፉጨት ቀድሞ የሚሰማ ሰው ፋብሪካውን ያድናል። እኔ የካቻቢቴዬን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የትኛው ኩሽኔታ እንደታመመ እናገር ነበር። «የወፍጮ ሐኪም» ይሉኛል። ሐኪም ጆሮውን ሸፍኖ ያክማል?

ደራራ ግን ይሸፍናል። በዚያ ላይ አሸፋፈኑ ሥነ ሥርዓት አለው። ሞቃት ቀን ሲሆን መሸፈኛውን ትቶ ስፖንጅ የሚመስሉትን መድፈኛዎች ይዞ ይመጣል። እጁን በሳሙና ይታጠባል። መድፈኛውን በጣቱ እያሽከረከረ እንደ ክር ያቀጥነዋል። በሌላው እጁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያደርግና ወደ ውስጥ ይከተዋል፤ እስኪነፋ ድረስም በጣቱ ደግፎ ይቆያል። ሙሽራ ሲኳል የምናይ ይመስል አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ያየዋል። እኔ ጥጥ ወትፌ የምገባባቸው ቀናት ነበሩ፤ ጥጥ ድምፅ እንደማይከለክል የነገረኝም እሱ ነው። የነገረኝ ሰው ማንነት ነው ያናደደኝ።

ሰውየው ሐረና ጫካ ዳር ካለችው ከሪራ መንደር ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ሲሠራ ድንጋይ መብሻ ማሽን ይይዙ ነበር፤ በጆሯቸው ላይ ምንም ሳያደርጉ። ሥራው ሲያልቅ ወደ ማር ቆረጣቸው ተመለሱ። በሐረና ጫካ ውስጥ ማር ያለበትን ዛፍ እየጮኸች የምታሳይ ወፍ አለች። አባትየው የወፏን ድምፅ መስማት አቃታቸው። ወፏ ሰውን ረስታለች፣ ጫካው ተረግሟል እያሉ ዓመታት ኖሩ። ደራራ ልጅ ሆኖ እጃቸውን ይዞ «አባ፣ ይኸው እየጮኸች ነው» ሲላቸው ይቆጡት ነበር። ይህን ታሪክ ምሳ ሰዓት ላይ ሲያወራ ሁሉም ምግቡን ትቶ አዳመጠው። እኔን ታሪኩ ሳይሆን አዳማጮቹ አስቀኑኝ። የኔን ወሬ ማንም እንጀራውን አቁሞ ሰምቶኝ አያውቅም።

ከሁሉም የከፋው የከረጢት ሰፊዎቹ ክፍል ነበር። ሰቢሪና የምትባል ሰፊ አለች፤ ጨዋታ አዋቂ ናት። ዱሮ ከኔ ጋር ትጫወት ነበር። አሁን ደራራ ሲያልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ ትናገራለች፣ እሱ ይመልሳል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ስደርስ ቃሏ ይድበሰበስብኛል። «ምን አልሽ?» እላለሁ። ትደግመዋለች። «ምን?» ስላት «ተወው፣ ጋሼ» ትለኛለች። ሆን ብለው አፋቸውን እያጠበቡ የሚያወሩ መሰለኝ። ቤቴ ውስጥም ጸሎት የምትባለው ልጄ ቃሉን አፏ ውስጥ ማልጎምጎም ጀምራለች ብዬ ስንት ቀን ተቆጥቻታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስቆም ከበሮው ደረቴ ድረስ ይሰማኛል፤ ጸናጽሉ ግን የለም። የዛሬ ደብተራዎች ሰንፈዋል ብዬ ለጎረቤት አማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን ከአባባሉ በላይ በቀጥታ ካደኝ።

እውነቱን ለመናገር ምልክቱ ቀድሞ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፈረቃ ስወጣ ጆሮዬ ጭው ይላል፣ ሰው ከግድግዳ ጀርባ የሚያወራ ይመስላል። ጠዋት ሲነጋ ይለቀኛል። ስለሚለቀኝ ዳነ እላለሁ። ከዚያ ጭውታው እስከ ማግስቱ ይቆይ ጀመር። ከዚያ መቼ እንደሆነ ሳላውቅ፣ ጭራሽ መሄዱን ተወ። አላመመኝም፣ አልደማም። የማያም ነገር ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል?

አለቃችን ጋሽ አያሌው ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው የአዳራሹ ኃላፊነት ለማን ይሰጣል የሚለው ወሬ ተጀመረ። እኔ በልቤ ወንበሩን የራሴ አድርጌው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቅሁት እሱን ነው። ደራራ ከመጣ አራት ዓመቱ ነው፤ ቢሆንም ሰው ስሙን ከስሜ እኩል መጥራት ጀመረ። በዚያ ሰሞን ነው የሦስተኛው ወፍጮ ነገር የመጣው።

ደራራ መሸፈኛውን እንዳደረገ በሦስተኛው ወፍጮ አጠገብ ሲያልፍ ድንገት ቆመ። ወደ እኔ መጥቶ ጮኸ።

«ኦቦ ዘሪሁን፣ የታችኛው ኩሽኔታ ያፏጫል!»

ሳቅሁ። በአዳራሹ ሰው ፊት ካቻቢቴዬን አወጣሁ፣ ማሽኑ ላይ ተከልኩ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሰማሁት ያንኑ ወፍራም ጉርምርምታ ነው።

«ጤነኛ ነው!» አልኩት። «ጆሮውን የሸፈነ ሰው ለእኔ ስለ ወፍጮ ሊነግረኝ ነው?»

ሄዶ ለጋሽ አያሌው ነገራቸው። እሳቸው ማሽኑን አስቁመው ሲያስከፍቱት ኩሽኔታው ደርቆ ከሙቀቱ የተነሳ ሰማያዊ ሆኗል። የዱቄት ብናኝ በሞላበት ቤት ውስጥ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ እሳት ነበር የምናወራው። ሁሉም ደራራን ጨበጠው። እኔን ማንም አልወቀሰኝም፤ አለመውቀሳቸው አቃጠለኝ።

በማግስቱ የሠራሁትን ስናገር አፍራለሁ። ምስጢሩ መሸፈኛው ውስጥ ነው ብዬ ደራራ ምሳ ሲወጣ የሱን መሸፈኛ አነሳሁና አደረግሁት። ወፍጮዎቹ መካከል ቆምኩ። ጩኸቱ ዝቅ አለ፤ ከዚያ ውጪ ምንም የለም። ፉጨት የለም፣ የሰው ቃል የለም፣ እንደ ጉድጓድ ጭር ያለ ነገር ነው። ይሄ ሰው በዚህ ሰምቶ ሊሆን አይችልም አልኩ። ኩሽኔታውን ራሱ ቅባት አሳጥቶት ነው፣ ወንበሬን ሊወስድ! ሲመለስ በሰው ሁሉ ፊት ይህንኑ ነገርኩት።

ደራራ ፊቱ ተለወጠ። ቀስ ብሎ መሸፈኛውን ከእጄ ወሰደ።

«ኦቦ ዘሪሁን፣ እኔ በዚህ ውስጥ አንተንም እሰማሃለሁ» አለኝ።

ጋሽ አያሌው ሁለታችንንም ቢሮ ጠሩን።

«ነገሩን በአፍ አልፈርድም» አሉ። «ሁለታችሁም ጎባ ሄዳችሁ ጆሯችሁን ተመርመሩ። የማስጠንቀቂያውን ደወልና የማሽኑን ፉጨት ለይቶ የሚሰማው ሰው ወንበሩን ይይዛል። ወረቀቱ ይናገር።»

«እርስዎ ያሉት ይሁን» አልኳቸው። ደስ አለኝ። በወረቀት አልተጻፈልኝም እንጂ እኔ የወፍጮ ሐኪም ነኝ።

ሰኞ ጠዋት፣ ፈረቃ ሳንገባ፣ ጆሯችን አርፎ እንዳለ በሚኒባስ ጎባ ሄድን። የምትመረምረው ሩሃማ የምትባል፣ ከሌላ አካባቢ ተመድባ የመጣች ባለሙያ ናት። መጀመሪያ እኔን አስገባችኝ። ድምፅ የማያስገባ፣ በአንድ በኩል መስታወት ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገች፣ በጣት የሚጫኑት መጫኛ ቁልፍ አስያዘችኝ።

«ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ፤ በጣም ቀጭን ቢሆንም» አለችኝ።

ወፍራሞቹ ድምፆች መጡ። ዱም፣ ዱም። ጫንኩ። ሁሉንም ጫንኩ። ደራራን ምን ልበለው እያልኩ በልቤ ንግግር ማዘጋጀት ጀመርኩ። ከዚያ ማዳመጫው ዝም አለ። ማሽኑን እያስተካከለች ነው ብዬ ጠበቅኋት። ጥቂት ቆይቶ እጇ በመስታወቱ በኩል ሲንቀሳቀስ አየሁና በዘዴ እሱን ተከትዬ ሁለት ጊዜ ጫንኩ። ተነስታ መጣችና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ግድግዳውን እያየሁ ጠበቅሁ። ረጅም ጊዜ ነው የጠበቅሁት። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

«የቀረውን መቼ ነው የምንጀምረው?» አልኳት።

«ጨርሰናል እኮ» አለችኝ።

የጆሮዬ ውጤት በመስመር የተሰመረበትን ወረቀት አሳየችኝ። መስመሩ ከግራ ሲነሳ እንደ ሳነቴ ሜዳ ለጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሪራ እንደሚወርደው ገደል ቁልቁል ይወድቃል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀና ይላል።

«ይሄ መውደቂያ የጩኸት አሻራ ነው» አለች። «በጆሮ ውስጠኛ ክፍል ድምፅ የሚቀበሉ፣ ጸጉር መሳይ ጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ። እንደ ስንዴ ማሳ ናቸው፤ አንድ ቀን ቢያልፉበት ተመልሶ ይቃናል፤ በየቀኑ ከተመላለሱበት ግን መንገድ ይሆናል። መጀመሪያ የሚሞቱት ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ናቸው። ፉጨት፣ የወፍ ድምፅ፣ የሰው ንግግር ጥራት። የሞተው ተመልሶ አይበቅልም።»

«ታዲያ እሱ ጆሮውን ሸፍኖ እንዴት ሰማ?»

«መሸፈኛው ጩኸቱንም ፉጨቱንም ዝቅ ያደርጋል። ጤነኛ ጆሮ ግን ጩኸቱ ሲቀልለት ይበልጥ ይለያል። እርስዎ የሸፈኑት ቀድሞ የተጎዳ ጆሮ ነው፤ የቀረችውም ቀጭን ድምፅ ጠፋችብዎ። መሸፈኛው አያድስም፤ ያለውን ነው የሚጠብቀው። ከዛሬ ጀምሮ አያውልቁት። ለወሬ ብለው በየመሀሉ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢያነሱት የፈረቃው ጥቅም አብዛኛው ይባክናል።»

ልጄ ጸሎት ትዝ አለችኝ፤ የተቆጣኋት ሁሉ። ከዚያ አፌ ያወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደራራ ከኔ ይሻል ይሆን?» አልኳት።

«የሰው ውጤት አይነገርም» ብላ ደራራን ጠራችው።

ከክፍሉ ውጪ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በመስታወቱ በኩል ጀርባውና መጫኛውን የያዘው እጁ ይታየኛል። መጀመሪያ ወፍራሞቹ ላይ እንደ እኔ ጫነ። ከዚያ እኔ ግድግዳ እያየሁ ማሽን ይስተካከላል ብዬ የጠበቅኩበት ሰዓት መጣ። አውራ ጣቱ አላረፈችም። ተጫነች፣ ተነሳች፣ ተጫነች። ለምንም ነገር እንደምትጫን ነበር የሚመስለኝ፤ ግን ነገሩ ነበረ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በእኔም ጆሮ ላይ መጥቶ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ስትጫን ቆጠርኩ። ወንበሩ እንደ ሄደ ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ ስለ ወንበሩ ግን አላሰብኩም። በእያንዳንዷ የጣቱ ንቅናቄ እየቀናሁ፣ አሁን የሰማው ምን ዓይነት ድምፅ ይሆን እያልኩ እስኪጨርስ ድረስ ተመለከትኩት።