ታስኒምና የኡስታድ ፈዛል ስም

እህቴ ታስኒም ለሆስፒታል የሚላኩ መቀሶችንና መቆንጠጫዎችን ስትፈትሽ ነው ዕድሜዋን ያሳለፈችው። በእኛ ከተማ በሲያልኮት እንዲህ ዓይነት ሥራ የማይሠራ ቤት የለም። የነበረችበት ፋብሪካ በተዘጋ ሰሞን፣ የድሮ አለቃዋ ኡስታድ ፈዛል (ኡስታድ የምንለው ሙያውን የተካነውን ነው) ሌላ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ነገሯት። ቦታው ለእሷ ተለክቶ የተሰፋ ነበር። እህቴ ስለሆነች አይደለም እንዲህ የምለው፤ ይኸው እኔ የሰፋሁትን ልብስ እንኳ አስፈትታ ታሰፋኛለች።

ማመልከቻውን ልትጽፍ ስትቀመጥ አጎታችን ሐጂ ኢልያስ ደረሱ።

«መጀመሪያው ላይ የሐጂ ኢልያስ የእህት ልጅ ነኝ በይ። የፋብሪካው ባለቤት አማቼ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንበብም አያስፈልጋቸውም።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ፣ አጎቴ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዲያነቡልኝ ነው የምጽፈው።»

አጎቴ ተቆጥተው ወጡ። እሷ ደግሞ ፈቃድ ልትጠይቅ ኡስታድ ፈዛል ቤት ሄደች።

«ስምዎን ብጠቅስ ቅር ይልዎታል?»

«ለአንቺ ነው የማይበጅሽ። ወደ እናንተ ከመምጣቴ በፊት እዚያ ፋብሪካ ሠርቻለሁ፤ ከሥራ አስኪያጁ ከዋሲም ጋር ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ዝገት የያዘው መቀስ አይላክም ብዬ።»

ታስኒም ሳቀች። «እንግዲያው የግድ እጠቅስዎታለሁ።»

«እንዳሻሽ። ግን ቅጠሩልኝ ብለዋል እንዳትይ። ዋሲም ቢደውልልኝ አዎ የምለውን ብቻ ጻፊ።»

እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «ይህ ቦታ መከፈቱን የነገሩኝ የቀድሞ አለቃዬ ኡስታድ ፈዛል ናቸው፤ ስማቸውንም የምጠቅሰው በፈቃዳቸው ነው። በእሳቸው ሥር ዕቃ ከመላኩ በፊት የመጨረሻውን ፍተሻ የምሠራው እኔ ነበርኩ።» ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ስለ ራሷ ሥራ ብቻ ነው የጻፈችው። እኔ ግን ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጣላ ሰው ስም ይዞ በሩን ማንኳኳት ድፍረት ነው።

ተጠራች። ዋሲም ደብዳቤዋን ይዞ ጠበቃት።

«የሐጂ ኢልያስ ዘመድ ነኝ የሚል ማመልከቻ ጠረጴዛዬን ሞልቶታል። እርስዎ ደግሞ ሰላም የማይለኝን ሰው ጠቀሱ። መጣላታችንን አያውቁም?»

«አውቃለሁ። ሥራዬን ያዩት ግን እሳቸው ናቸው።»

ዋሲም ትንሽ አሰበና ስልኩን አንስቶ ለኡስታድ ፈዛል ደወለ፤ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፈተው። ከተጣሉ ወዲህ ሲደውልላቸው የመጀመሪያው ነበር፤ ስለ ታስኒም ጠየቃቸው።

«ታስኒም?» አሉ ኡስታድ ፈዛል፣ ሰላምታም ሳይሰጡ። «እኔ ያሳለፍኩትን ዕቃ መልሳ የጣለች ልጅ ናት። ያን ቀን ተናድጄባት ነበር። ልክ ነበረች።»

«እኔ ይላክ ያልኩትንስ?» አለ ዋሲም።

«መጥፎ ከሆነ አትልክልህም።»

እህቴ ያኔ ሥራው አመለጠኝ ብላ ነበር።

«ያን ጊዜ ስለ መቀሱ አንተንም መስማት ነበረብኝ» አለ ዋሲም ወደ ስልኩ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ መቼ መጀመር እንደምትችል ጠየቃት።