የዘገየው ክፍያ

ለወፍጮ ቤት መክፈቻ ብድር ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ ወዳለ ባንክ የገባሁበት ጠዋት እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ፤ ጉሙ ከመንገዱ ላይ ሰዉን ያንሳፈፈው ይመስል ነበር። የብድር ሠራተኛዋ ከብድር መረጃ ማዕከል የመጣውን ሪፖርት አየችና «ጋሼ፣ የፊተኛውን ብድር በየወሩ መክፈል ሲገባዎ የሁለት ወር ክፍያ አሳልፈዋል» አለችኝ።

ተናደድኩ። «ጤፌን ወቅቼ፣ ሸጬ፣ ዕዳውን ከነቅጣቱ ባንዴ አልዘጋሁም?»

«ዘግተዋል፤ እሱም ተጽፏል። መዘግየቱ ግን አልተፋቀም። ብድሩ ይፈቀድልዎታል፤ ወለዱ ግን በጊዜው ከሚከፍል ሰው ከፍ ይላል።»

እኔ ደግሞ ዕዳን ሳይሸራርፉ፣ ጤፍ ሲደርስ ባንዴ መዝጋት ነው ወንድነት እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ስመክር ኖሬያለሁ። ስወጣ፣ ምክሬን ሰምተው እንደ እኔ ጤፍ ሲደርስ የከፈሉ ጎረቤቶቼ የብድር ማመልከቻቸውን ይዘው፣ ፈገግ እያሉ፣ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብቅ አሉ።