ለስምንት ሰው የታዘዘ ጠረጴዛ

ልብስ ሰፊዋ ወደ እንጨት ሥራ ቤቴ የመጣች ዕለት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። "የምግብ ጠረጴዛ ሥራልኝ፤ ለስምንት ሰው የሚሆን" አለችኝ። እሰየው አልኩ። እኔና ባሏ አብሮ አደጎች ነን፤ ሚስት ስለሌለኝ እሁድ እሁድ ምሳዬ እነሱ ቤት ነው። ቤተሰቡ ሦስት ነው፤ እሷ፣ ባሏና ሴት ልጃቸው። እንግዳ ግን አጥተው አያውቁም። የባሏ ሁለት ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው ይመጣሉ፣ እህቱ ትመጣለች፣ እኔም ሳልጠራ እመጣለሁ። ሁላችንም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን ስንበላ ኖረናል።

ባልየው "ክብ ካልሆነ" ብሎ ድርቅ አለ። መምህር ነው፤ ክርክር ይወዳል።

"አንተ ሰውዬ፣ ለስምንት ሰው የሚሆን ክብ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው። የክፍልህ ወርድ ሁለት ሜትር ከሰማንያ! ሰው ከተቀመጠ በኋላ ከጀርባው በየት ይታለፋል? በጣሪያ?" አልኩት። ለአንድ ሰው ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ እስከ ግድግዳው ደግሞ ዘጠና፣ ወንበር ስቦ ለመነሳትም ትሪ ይዞ ለማለፍም። ስለዚህ አራት ማዕዘን፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ በዘጠና ተባለ፤ በየጎኑ ሦስት ሦስት፣ በየጫፉ አንድ አንድ።

እንጨት ከመቁረጤ በፊት ግን ካርቶን በልኩ ቆርጬ ወለሉ ላይ ካላነጠፍኩ፣ ሰዎቹንም ዙሪያውን አስቀምጬ ካላየሁ አላምንም። በእሁዱ ከጎረቤት ወንበር ተዋስን፤ ስምንታችንም ካርቶኑን ከበን ተቀመጥን። ልክክ አለ! ታናሽየው ወንድም "ካርቶኑን አትርገጡት፣ ምሳዬ እሱ ላይ ነው" ሲል ሁላችንም በሳቅ ፈረስን።

ልብስ ሰፊዋ ትሪ እንደያዘች ከማድቤት ብቅ አለች። "ምንድን ነው? ምን ተባለ?"

"ተይው፣ አለፈ" አልኳት።

ያልኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ያልኳት ነው! ያን ጊዜ ግን ትሪዋን የምታሳርፍበት አጥታ ቆማ ሳያት፣ ወንበሮቹን በዓይኔ ቆጠርኩ። ስምንት ወንበር፣ ስምንት ሰው። እሷ የለችበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በመለካት እንጀራ የበላሁ ሰው፣ የቤቱን እመቤት ሳልቆጥር ልቆርጥ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

"አንቺ የት ነው የምትቀመጪው?"

"እኔማ ምን ጊዜ አለኝ፣ እዚያው ማድቤት ቀመስ አደርጋለሁ" ብላ ሳቀች።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እሷ ጭራሽ ለራሷ አልቆረሰችም። ባሏ አቀርቅሮ ቀረ። እሷም ሆድ ባሳት መሰለኝ፣ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። "እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእናንተ ጋር መቀመጥ ሁልጊዜ ይናፍቀኛል። ቤቴ ሆኜ ይናፍቀኛል! አባባ ነፍሳቸውን ይማረውና ያንን የባቡሩን ወሬ ሲያወሩ፣ ከማድቤት ሮጬ ስደርስ ሁልጊዜ ሳቁ ላይ ነው የምደርሰው። አንድ ቀን ከመጀመሪያው እሰማዋለሁ ስል ሞቱብኝ" አለች። አባባ የምትለው የባሏን አባት ነው፤ ካረፉ ዓመት ሆናቸው።

ካርቶኑን ጠቅልዬ አነሳሁት። ዘጠኝ ሰው በዚያ ልክ አይገባም፤ ማስረዘም ቢባል ደግሞ ክፍሉ ቁመቱ ሦስት ሜትር ከስልሳ ነው፤ ከሁለቱም ጫፍ ማለፊያ ልተው ካልኩ አይበቃኝም። ሲያብከነክነኝ ሰንብቶ መላው ተገኘ። አንዱን ጫፍ ከግድግዳው አስጠጋሁት። እዚያ የነበረው ወንበር ቀረ፤ ጠረጴዛው ግን ሁለት ሜትር ከአርባ ሆነ። በየጎኑ አራት አራት፣ በማድቤቱ በኩል ባለው ጫፍ አንድ፤ ዘጠኝ! ለአዘቦቱ ቀን ደግሞ ስልሳ ስልሳ የሆኑ ሁለት ተቀጣይ ሳንቃዎች አበጀሁለት፤ ሲወጡ አንድ ሜትር ከሃያ ይቀራል፣ ለሦስቱ ይበቃቸዋል።

ጠረጴዛው የገባ እሁድ ሳህኑን ያቀረብነው እኛ ነን። ልብስ ሰፊዋ ሽርጧን አውልቃ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ የሙሽራ ፊት መስሏል። "በሉ እንግዲህ፣ የአባባን የባቡር ወሬ ከመጀመሪያው ንገሩኝ" አለች።

ታላቅየው ወንድም "አባባ አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ..." ብሎ ጀመረና ቆመ። "ጣቢያ ነው ወይስ ውስጥ ተሳፍረው ነው?" ብሎ ወንድሙን ጠየቀው። ታናሽየው ወደ እህቱ ዞረ፤ እህቲቱ ወደ እኔ። እኔም ስንቴ ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት ወሬ ነው፤ ባስብ ባስብ አንዲት ቃል አልመጣልህ አለኝ።

"እኔ እንኳ ትዝ የሚለኝ መጨረሻው ነው" አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

"መጨረሻውንማ እኔም አውቀዋለሁ" አለች።