አልኮሉ ውሃ ነበረበት

ከአርባ አራት ግራም አሥራ አንድ። የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ከአሲድና ከአልኮል ኢስተር የሚባለውን ሽታ ያለው ፈሳሽ ሠርተን በመጨረሻ ሚዛን ላይ ያስቀመጥነው ይህንኑ ነው። በስሌት ማግኘት ከነበረብን ሩቡን ብቻ። ከዚያ ወዲህ ስንት ቁጥር ረስቻለሁ፣ ይህን ግን እስክሞት የምረሳው አይመስለኝም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። አሴቲክ አሲድና ኤታኖል በእኩል ሞል፣ ማለትም በእኩል የሞለኪውል ቁጥር፣ ለክቶ ማቀላቀል፣ ጥቂት ጠብታ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሮ አንድ ሰዓት ማፍላት ነው። ጠርሙሱ አናት ላይ ኮንደንሰር ይቆማል። በውጭኛው ቱቦው የቧንቧ ውሃ ሲዞር የሚወጣውን እንፋሎት ያቀዘቅዘዋል፣ የቀዘቀዘውም ተመልሶ ወደ ጠርሙሱ ይንጠባጠባል። ውሃው ከቆመ ግን እንፋሎቱ በአናቱ ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ አለበት። በእኛ ቡድን ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ማፍላት ከጀመርን በኋላ የሒሳብ ውጤት ተለጠፈ ተባለ። ሁለቱ የቡድኔ ልጆች ሚዛኑ ያለበት ክፍል ወረፋ ይዘው ነበር። ለሁለት ደቂቃ ብዬ ወጣሁ። ሰሌዳው ፊት ተማሪው ተጨናንቆ ስለነበር ቁጥሬ ጋ እስክደርስ ብዙ ቆየሁ። ወድቄ ነበር። የዚያን ጊዜ አንድ ትምህርት የወደቀ በሌላው ጥሩ ነጥብ አምጥቶ ካላካካሰ ይባረራል፤ እኔ ደግሞ ከገረሴ፣ ከሰፈራችን ልጆች ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ ስለነበርኩ ቤተሰቤ ለአገሩ ሁሉ አውርቶ ጨርሶ ነበር። እግሬን እየጎተትኩ ስመለስ የላቦራቶሪው በር ላይ ጣፋጭ ሽታ ተቀበለኝ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተውን ዓይነት። በምንጮቿ ስም የምትጠራ ከተማ ውስጥ ቧንቧው ደርቆ ነበር። ማሞቂያው ግን አልጠፋም። ክፍሉን የሞላው የእኛ ኢስተር ነው።

ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ ውሃው ሲመጣ መልሼ አበራሁት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ልጆቹ ስለ ሽታው ሲጠይቁኝ ያለ ነው አልኳቸው።

ከሪፖርቱ ነጥብ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ምርቱ ለምን እንዳነሰ የሚያስረዳው አንድ አንቀጽ ነበር፤ ዲስከሽን እንለዋለን። መምህራችን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፣ ቀና ግን ችኩል። በአንድ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር፦ የሰው ስህተት ብሎ የሚጽፍ ዜሮ ያገኛል። የትኛው ሰው፣ የቱ ስህተት፣ ብሎ ያፋጥጣል። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያንን ጥያቄ ማንም እንደ እኔ በትክክል ሊመልስለት አይችልም ነበር።

የማንም ጥፋት ያልሆነ ምክንያትም ነበር። ኬሚካላዊ ምላሹ ሁለት አቅጣጫ ስላለው ምርቱ ሲበዛ የተወሰነው ወደ አሲድና ወደ አልኮል ይመለሳል፤ እኩል ሞል የቀላቀለ ሰው ቢሳካለት እንኳ ከሦስት ሁለት እጅ አያልፍም። ሲታጠብም ኢስተሩ በመጠኑ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። ይህን ሁሉ ጻፍኩና ወደ ሩብ እንደማያወርደው ታየኝ። ሌላ ነገር ያስፈልግ ነበር። ያኔ ነው ብዕሬ ወደማይገባው ቦታ የሄደው፦ የተሰጠን አልኮል ውሃ ነበረበት፣ ውሃ ደግሞ ራሱ የምላሹ ውጤት ስለሆነ ሲጨመር ምላሹን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ስለ እኛ ጠርሙስ ግን ውሸት ነው።

ሪፖርቴ ከመግባቱ በፊት መኝታ ክፍል ለመኝታ ክፍል ዞረ። እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበር ሁልጊዜ ይዞራል። ሌሎቹ ቡድኖች ከእኛ እጥፍ አግኝተዋል፤ ግን የማንም ምርት መቶ በመቶ ስላልሞላ ለሁሉም ምክንያት ያስፈልገው ነበር። የእኔ አንቀጽ ለአምስቱም ቡድን በቃ። መምህሩ አምስት ሪፖርት ሲያርም አምስቱም አልኮሉ ውሃ ነበረበት ይላሉ። እሱ የቆጠረው አምስት ምስክር ነው፤ እኔን ብቻ ነበር ያነበበው።

የአልኮሉ ቁልፍ በግምጃ ቤቱ ሠራተኛ እጅ ነበር። የኦቾሎ ሰው ናቸው፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የመስታወት ዕቃ ሲያስረክቡን በሁለት እጃቸው የሚይዙ። አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለለመዱት እኔን አንዳንዴ አንቺ አንዳንዴ አንተ ይሉኛል። በወጣትነታቸው ይጠጡ ነበር ይባላል፤ ያ ወሬ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሲጠብቃቸው ኖሯል። መምህሩ ከአልኮሉ ጠርሙስ አሥር ሚሊ ሊትር ለክቶ መዘነ፣ ከንጹሕ አልኮል ከብዶ ተገኘ። እሳቸው ጠርሙሱ ከተከፈተ ዓመት አልፎታል፣ አልኮል ከአየር እርጥበት ይስባል ብለው አስረዱ። እውነታቸውን ነው። ያ ትንሽ እርጥበት ምርታችንን ሩብ ላይ እንደማያደርሰው ማንም ተቀምጦ አላሰላም። ጠጥቶ በውሃ ሞልቶታል ተባለ፣ ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ ከሥራ ተሰናበቱ። እኔ ለሪፖርቱ ከፍተኛውን ነጥብ አገኘሁ፣ አልተባረርኩም።

ተነሥቼ እናገራለሁ ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። መምህሩ ቢሮ በር ድረስ ሄጄ ሌላ ጥያቄ ጠይቄ ተመልሻለሁ። ፈሪ ነበርኩ። ሌላ የሚያምር ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከወር በኋላ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል፣ ገበያው ዳር አገኘኋቸው። ሸማ ይሸጡ ነበር፤ ወንድማቸው የሸመነውን መሆኑን ነገሩኝ። ሰላም ብዬ ቶሎ ልሄድ ነበር። እሳቸው ግን ዘመድ ያገኙ ያህል ደስ አላቸው፣ አንድ ሻይ ቤት ይዘውኝ ገቡና ከኪሳቸው የታጠፈ ባዶ ወረቀት አወጡ። ይግባኝ ለማለት ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው ሲፈልጉ ከርመዋል።

"አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ" አሉኝ። "ትምህርቱንም ታውቃለህ። ጻፍልኝ ልጄ።"

ጻፍኩ። ስንት ዓመት እንዳገለገሉ፣ አንድ ጠርሙስ እንዳልጎደለባቸው፣ አልኮል ከአየር እርጥበት እንደሚስብ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አሳምሬ አስቀምጣለሁ። ጨርሼ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ተክለው ሰሙኝ። ከዚያ ቀና አሉ።

"እስቲ እንደ ተማሪ ንገረኝ" አሉ። "ያ ነገር የሚያንስበት ሌላ ምክንያት የለም? ካለ እሱንም ጨምርልኝ።"

ብዕሩ በእጄ ነበር። ከፊርማው ቦታ በላይ ሁለት መስመር የሚያጽፍ ባዶ ስፍራ ተርፎ ነበር።

"ሌላ የለም ጋሼ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ይበቃል" ብለው ብዕሩን ከእጄ ተቀበሉና ፈረሙ።