ክዳኑ የበረረው ድስት

በኮሮናው ጊዜ፣ ከቤት መውጣት በተከለከለበት ሰሞን፣ ዓረብ አገር፣ ሽሜሳኒ ሰፈር የምሠራበት ቤት አዲስ የእንፋሎት ድስት ገባ። ሥጋ ቶሎ ያበስላል ብላ ማዳም ከሰፈሩ ሱቅ ያዘዘችው ነው። በማግስቱ ከምድጃው አጠገብ ሰሃን ሳጥብ ክዳኑ ተፈናጥሮ ኮርኒሱን መታ። የፈላው መረቅ ክንዴና አንገቴ ላይ ተደፋ።

ከሕመሙ ይልቅ የማስታውሰው ማዳም ሆስፒታል ለሐኪሙ ያለችውን ነው፦ «ድስቱ ሳይተነፍስ በጉልበት ከፈተችው።» እጄ ሳሙና ውስጥ እንደነበር በር ላይ ቆማ አይታለች! በጣም ፈራሁ። ጥፋቱ የኔ ከተባለ ካሳ ማግኘት ይቅርና ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴንም፣ አታድስልኝም፤ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ ትመልሰኛለች።

ማርካ ሰፈር የምትሠራ ጓደኛዬ፣ እንደኛ ያሉ ሠራተኞችን የምትረዳ ጠበቃ ስልክ ሰጠችኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ደወልኩላት።

«ገዢዋ አንቺ አይደለሽም፤ የተጎዳሽው ግን አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ድስቱ ጉድለት ካለበት፣ ጉዳቱም ከዚያ ከመጣ፣ የሠራውንም የሸጠውንም መጠየቅ ትችያለሽ። ማስረዳቱ ግን ያንቺ ነው። ፍርድ ቤት የሚልከው ባለሙያ ድስቱን ማየት አለበት። እንዳታጥቢው፤ ለማንም እንዳትሰጪው።»

እንዳታጥቢው! ማዳም ቤት ያልታጠበ ድስት ማሳደር ከስርቆት አይተናነስም። ከነመረቁ በፌስታል ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ክፍሌ የከረመ ሥጋ ሸተተ፤ የክፍሌ በር በተንኳኳ ቁጥር ሻንጣውን አልጋ ሥር እገፋዋለሁ።

ከቀናት በኋላ ባለሱቁ አደጋውን ሰምቶ፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ፣ ያንኑ ዓይነት አዲስ ድስት ይዞ ወጥ ቤት ድረስ ገባ። «አሮጌውን መልሱልኝ፣ ኸላስ፣ ነገሩ አለቀ» አለ። ማዳም ደስ አላት።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አምጪው» አለችኝ።

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ የኔ እናት ግን ሩቅ ናት። እምቢ ብል ሌባ ልባል ነው፤ ብሰጠው ማስረጃዬ ሄደ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ «ያ ዓሙ፣ አጎቴ» አልኩት፣ «መጀመሪያ ይሄኛውን እዚሁ ለኩሰህ ውሃ አፍላበት። እኛ ሳሎን እንጠብቃለን።»

ባለሱቁ ሳቀ። ማዳም ግን አልሳቀችም። ድስቱን ተቀብላው ውሃ ጨመረችበት፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ምድጃው ላይ ጣደችውና ክብሪቱን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። ዐይኑን ከክዳኑ ሳይነቅል ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ድስትህን ይዘህ ሂድ» አለችው። «አሮጌው እዚህ ይቆያል።»

እሱ ሲወጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እኔም ፈርቼ ነው፣ ሐቢብቲ፣ የኔ ውድ። የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ እኔን የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነው። እጅሽ ሳሙና ውስጥ እንደነበር አይቻለሁ።»

ሐሳቧን ሳትለውጥ ብዬ ጠበቃዋ ጋ ደወልኩና ስልኩን አቀበልኳት።

«አሎ» አለች ማዳም። «ለሐኪሙ የተናገርኩት እውነት አልነበረም።»