በሰይድ ስልክ ውስጥ የተቆለፈው አራት ሺህ

ዛሬ በገዛ የልጅ ልጄ ቀናሁ።

እኔ ማሽላ ቆቦ ገበያ አውርጄ፣ ተከራክሬ የማላገኘውን፣ ኮሌጅ የሚማረው ሰይድ ተጋድሞ በኳስ ውርርድ አግኝቷል። ስልኩ ላይ አራት ሺህ ብር አየሁ።

«አውጣትና ለአያትህ ጫማ ግዛ፣ ስስታም» ብዬ ነዘነዝኩት።

አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ ወላሂ አይወጣም። አወራራጆቹ ማባበያ ብለው በሰጡኝ ቦነስ የተገኘ ትርፍ ነው። ለማውጣት የቦነሱን አሥር እጥፍ በራሴ ብር መወራረድ አለብኝ። ብር ባስገባሁ ቁጥር ሌላ ቦነስ ይጨምራሉ፤ ግዴታውም ያድጋል። አንድ የውርርድ ቲኬት ላይ ደግሞ ከምገምታቸው ሦስት ጨዋታዎች አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ይቃጠላል።»

«የምታስገባው ከየት መጣ?»

«መጀመሪያ ከኪሴ ሃምሳ ሃምሳ ብር ነበር። ኋላ ከጓደኞቼ ተበደርኩ። ዕዳው ስድስት ሺህ ደርሷል። ለእማዬ እንዳትነግራት።»

ነገርኳት። ነገ ጎብዬ ገበያ ፍየሌን እሸጣለሁ፤ ዕዳውን ለጓደኞቹ የምከፍለው በእጄ ነው። ጫማዬ እንዳረጀ ይቀራል፤ አሁን የምቀናው በፍየሏ ገዢ ነው።

እናንተስ፣ በማይወጣ ብር ቀንታችሁ ታውቃላችሁ?